የቀሚስ ፎቶን ሪፈረንስ አድርጎ ምስል መሥራት፦ በራስ ላፕቶፕ ወይስ በክላውድ?

«ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ልብስ መሸጫ አለኝ። የራሴን ቀሚሶች ፎቶ ሪፈረንስ አድርጌ የማስታወቂያ ምስል በኤአይ መሥራት እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ ባለ 4 ጂቢ ግራፊክስ ካርድ ነው፣ ራሙ 8 ጂቢ። በሱ ልሞክር ወይስ ለክላውድ ልክፈል? አንዳንዶቹ ፎቶዎች ደንበኞቼ ለብሰው የተነሷቸው ስለሆኑ እሱም ያሳስበኛል።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ኤዲቲንግ ነው የምሠራው፤ ካርዴም GTX 1650 ባለ 4 ጂቢ ነው፣ ራሙን ግን ወደ 16 አሳድጌዋለሁ። በአጭሩ፣ ሰው ያለበት ፎቶ ከላፕቶፕሽ አይውጣ፤ ማኒኪን ላይ ያለውን ወይም ተዘርግቶ የተነሣውን ቀሚስ ግን ከፈለግሽ ወደ ክላውድ ላኪው። ሁለቱንም መንገድ ስለምጠቀም ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ግን ሪፈረንስ የሚባለው ነገር ቀሚሱን ምን ያህል እንደሚያየው ማወቅ አለብሽ። ባንቺ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ የሚሠራው ስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 የሚባለው ምስል የሚሠራ ሞዴል፣ የሪፈረንስ ፎቶን ከሚያቀብለው ከ`IP-Adapter` ጋር ተጣምሮ ነው። `IP-Adapter` የሰጠሽውን ፎቶ እንዳለ አይቀዳም። መጀመሪያ ወደ 224 በ224 ፒክስል ካሬ ያሳንሰዋል፤ ከዚያ ያየውን ወደ ጥቂት የቁጥር ጥቅሎች ይጨምቀዋል፤ መደበኛው ወደ 4፣ `plus` የሚባለው ወደ 16። በዚህ ጥቅል ውስጥ የቀሚሱ ቀለም፣ ቁመቱ፣ የጨርቁ ስሜት ያልፋል። የጥለቱ መስመር ስንት እንደሆነ፣ መስቀሉ ደረት ላይ የት እንደሚያልቅ ግን አያልፍም። ሞዴሉ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ የሚሞላው ደግሞ ከሩቅ የሚያምር፣ ቀረብ ሲሉት ግን ሸማኔ ያልሠራው ጥለት ነው።

ሌላም አለ። ቀሚስ የሚነሣው ቁመቱ ረዘም ባለ ፎቶ ነው። ፕሮግራሙ ካሬ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ መሃሉን ብቻ ይወስድና ላይና ታቹን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከታች ጫፉ ላይ ያለውን ጥለት ጨርሶ አያየውም። ውጤቱ ላይ ደረቱ ቀረብ ብሎ የታችኛው ጫፍ ሌላ ጥለት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከፎቶው ግራና ቀኝ ነጭ ቦታ ጨምረሽ ካሬ አድርገሽ ብትሰጪው ሙሉውን ያየዋል፤ ግን ያው ስለሚያሳንሰው ጥለቱን አንድ ለአንድ ይሰጠኛል ብለሽ አትጠብቂ።

ላንቺ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ደንበኛዋ ምስሉን አይታ ታዛለች፤ የሚደርሳት ቀሚስ ሌላ ጥለት ከሆነ ጥፋቱ የሱቁ ነው። በተለይ የፊቼ ጨምበላላና የሠርግ ሰሞን ሰው የሚመርጠው ጥለቱን አይቶ ነው።

ስለዚህ እኔ ቀሚሱን ኤአይ እንዲሥለው አላደርግም። ቀሚሱና የለበሰችው ሰው ከዋናው ፎቶ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ፣ የሚሠራው ጀርባው ብቻ ነው። ሪፈረንሱም ያን ጊዜ የቀሚሱ ፎቶ ሳይሆን የቦታው ፎቶ ይሆናል። ለምሳሌ አሞራ ገደል በኩል ሐይቁንና ዛፎቹን ጠዋት በስልክ አንሥተሽ እሱን ለ`IP-Adapter` ትሰጪዋለሽ። ሞዴሉ ሐዋሳ ሐይቅን አያውቀውም፤ «ሐይቅ ዳር» ብለሽ ብቻ ብትጽፊ የሌላ አገር ሐይቅ ያመጣልሻል። ያንቺን ፎቶ ካየ ግን ብርሃኑና አረንጓዴው የኛ ይመስላል። የጀርባ ሥዕል ትንሽ ቢለይ ደግሞ ማንም አይጎዳም። ፕሮምፕቱን፣ ማለትም ለሞዴሉ የምትሰጪውን የጽሑፍ ትእዛዝ፣ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ የዚህ ሞዴል የጽሑፍ ክፍል አማርኛ አይረዳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉን በላፕቶፕ ላይ በሚያሠራው `ComfyUI` በሚባለው ፕሮግራም ላይ ፎቶውን ትጭኛለሽ፣ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ የማስክ መሥሪያውን ትከፍቺና ጀርባውን በሙሉ ትቀቢያለሽ። የተቀባው ይለወጣል፣ ያልተቀባው ይቀራል። የነጠላው ዘርፍና የፀጉሩ ዳር ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ ሥራው ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው እዚያ ነው። ምስሉን 512 በ768 አካባቢ አሳንሰሽ አሠሪው፣ ከዚያ በላይ 4 ጂቢ ካርድ ይቸገራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። «ያልተቀባው ይቀራል» ቢባልም ሙሉ ለሙሉ እውነት አይደለም። ሞዴሉ የሚሠራው በፒክስሉ ላይ ሳይሆን በየአቅጣጫው 8 ጊዜ በታመቀ ቅጂ ላይ ነው። ተመልሶ ሲፈታ ያልነካሽው ቀሚስም ትንሽ ይደበዝዛል፣ ቀጫጭኑ የጥለት ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። የሰው ፊትም እንደዚያው፤ ዓይን አካባቢ ብታጎዪው ይታይሻል። መፍትሔው የመጨረሻውን ምስል እንዳለ አለመውሰድ ነው። የተሠራውን ጀርባ ወደ ዋናው ፎቶ መጠን አሳድጊውና `ImageCompositeMasked` በሚባለው ሳጥን ዋናው ፎቶ ላይ ልጠፊው፦ `destination` ዋናው ፎቶ፣ `source` የተሠራው ምስል፣ `mask` ያው የቀባሽው። ያን ጊዜ ቀሚሱ ከስልክሽ ካሜራ የወጣው ራሱ ነው፣ አንድም ክር አልተነካም። ጀርባው ሲያድግ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ በጥሩ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ጀርባም ደብዛዛ ስለሆነ ያምርበታል እንጂ አይከፋበትም።

ላፕቶፕሽ ይችላል ወይ ላልሽው፣ ይችላል፣ ግን ከግራፊክስ ካርዱ በፊት የሚያስቸግርሽ ራሙ ነው። ሞዴሉ 2 ጂቢ ገደማ ነው፣ ሪፈረንሱን የሚያየው ክፍል ብቻውን 2.5 ጂቢ። ካርዱ ላይ ያልገባው ወደ ራም ይሄዳል፣ ራሙ ሲሞላ ወደ ዲስክ። ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ዲስኩ 100 ላይ ቆሞ ካየሽ ችግሩ እሱ ነው። ገንዘብ ካለሽ ከክላውድ በፊት ራም ጨምሪ። በኔ ላይ አንድ ምስል ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለመቀጠል አትሞክሪ፤ ካርዱ ኃይሉን ስለሚቀንስ ከፋይዳው መቆየቱ ይበዛል።

የ`ComfyUI` ማስነሻ ፋይል `run_nvidia_gpu.bat` ነው። በኖትፓድ ከፍተሽ `main.py` ካለበት መስመር መጨረሻ ይህን ጨምሪ፦

```
--lowvram --disable-metadata
```

ምስሉ ጥቁር ብቻ ሆኖ ከወጣ አትደንግጪ፤ እንደ GTX 1650 ያሉት፣ 16 ተከታታይ የሚባሉት ካርዶች በግማሽ ትክክለኛነት ሲሰሉ የታወቀ ችግር ነው። `--fp32-vae` ጨምሪበት። ሞዴል ስታወርጂ ደግሞ መጨረሻው `.safetensors` የሆነውን ምረጪ፤ `.ckpt` የሚለው ውስጡ የሚሮጥ ኮድ ሊደበቅበት ይችላል። በድምሩ ብዙ ጂቢ ስለሚሆን በሌሊት ጥቅል አውርጂው።

ክላውዱስ? ዋጋው ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ጎግል በ2025 ያወጣው Gemini 2.5 Flash Image የሚባለው ምስል መሥሪያ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚገናኝበት መንገድ፣ ሲጀምር በምስል 0.039 ዶላር ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው አንድ ምስል 6 ብር አይሞላም። 20 ቀሚስ ይዘሽ ለእያንዳንዱ 5 ጊዜ ብትሞክሪ 100 ምስል ነው፣ ከ600 ብር በታች። ላፕቶፑ ላይ ያው ሥራ የሚፈጀው ጥቂት ብር መብራትና ያንቺ ግማሽ ቀን ነው። የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። ጥለት አያያዙም ከ`IP-Adapter` በብዙ ይሻላል፤ ሆኖም እሱም ቀሚሱን እንደገና ነው የሚሥለው፣ ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ጥለቱን ቁጠሪ። ጂፒዩ በሰዓት መከራየትም አለ፤ ለጀማሪ አልመክረውም። ሞዴሉ እስኪወርድ ያለው ሰዓትም ይቆጠርብሻል፣ ማሽኑን ካቆምሽው በኋላም የዲስኩ ሂሳብ ይቀጥላል፣ ካላጠፋሽው።

የደንበኞችሽ ፊት ጉዳይ ግን በ6 ብር የሚለካ አይደለም። የጎግልን ኤፒአይ የአጠቃቀም ውል ብታነቢ በነፃ የምትልኪው ነገር አገልግሎቱን ለማሻሻል ሊውል፣ ሰውም ሊያየው እንደሚችል ይላል፤ በክፍያ የሚላከው ለዚያ አይውልም። ሌሎች ቦታዎች ውላቸው ይለያያል፣ ሁልጊዜ የነፃውንና የክፍያውን ለይተሽ አንብቢ። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ የሰው መረጃ ወደ ውጭ አገር ሲሻገርም ይመለከታል። ቀሚስ ሲገዙ ፎቶ መነሣታቸው ፊታቸው ወደ ሌላ አገር ሰርቨር እንዲሄድ መፍቀዳቸው አይደለም። ለማስታወቂያ መለጠፉንም ቢሆን፣ በላፕቶፕሽ ብትሠሪውም እንኳ፣ ጠይቂያቸው። የኔ ደንበኞች አብዛኞቹ ፈቅደዋል፤ እምቢ ያሉትም ምክንያታቸውን ሊነግሩኝ አይገደዱም።

ወደ ክላውድ የምትልኪው የማኒኪን ፎቶም ቢሆን ስልክሽ ሎኬሽን ጽፎበት ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ለራስሽ ልከሽ መልሰሽ ብታወርጂው ያ ይጠፋል፤ በፋይል መልክ ከላክሽው ግን እንዳለ ይቆያል።

ላፕቶፕ ላይ መሥራትም በራሱ ምስጢር አይጠብቅልሽም። `ComfyUI` የጫንሽበትን ፎቶ ሁሉ ቅጂ `input` በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀራል፤ ሥራ ስትጨርሺ አጥፊው፣ በተለይ ላፕቶፑን ለጥገና ከመስጠትሽ በፊት። ከላይ `--disable-metadata` ያልኩሽም ለዚህ ነው። እሱ ከሌለ የሚወጣው ፒኤንጂ ምስል ውስጥ ፕሮምፕቱና የሪፈረንሱ ፋይል ስም ተጽፎ ይሄዳል፤ ፎቶውን በደንበኛዋ ስምና ስልክ ቁጥር ሴቭ ካደረግሽው፣ ቻናልሽ ላይ በፋይል መልክ ስትለጥፊው ስሟም ቁጥሯም አብሮ ይወጣል።