የ24 ሰዓቱን ቻርት ወደ አንድ ገጽ ስታሳጥሩ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

እዚህ ጎንደር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተረኛ የምትሆኑ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ከጠዋቱ ራውንድ በፊት የምታዘጋጁትን የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ለረጅም ዓመታት ስሰማና ሳነብ ኖሬአለሁ፤ የምጽፍላችሁም ስለዚያ ገጽ ብቻ ነው። ነርሶች በየሰዓቱ የመዘገቡትን ሁሉ ነርቭ፣ መተንፈሻ፣ ልብና ደም ዝውውር፣ ኩላሊትና ፈሳሽ፣ ሆድና ምግብ፣ ደምና ኢንፌክሽን እያላችሁ በአካል ሥርዓት ከፋፍላችሁ ታሳጥሩታላችሁ። አከፋፈሉ ጥሩ ነው፤ ምንም ነገር እንዳይዘለል ያደርጋል። ጉድለቱ ግን አንድ ችግር በአራት ርዕስ ሥር ሲበተን በየርዕሱ ትንሽና ችላ ሊባል የሚችል መስሎ መታየቱ ነው።

ከብዙ ሕሙማን የተውጣጣ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አርሶ አደር ናቸው። ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ተጠማዝዞ በመበስበሱ ተቆርጦ ወጥቶላቸዋል፤ ኮሎስቶሚም ተሠርቶላቸዋል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። በሴፕቲክ ሾክ ምክንያት ኖርአድሬናሊን ይሰጣቸዋል፤ በማደንዘዣ ተኝተው በቬንትሌተር ይተነፍሳሉ። ተረኛው ሐኪም ጠዋት ያነበበው ማጠቃለያ ይህን ይመስላል፦

«መተንፈሻ፦ በቬንትሌተር ላይ፣ ሴቲንጉ አልተለወጠም፣ የኦክስጅን ሙሌት 92 በመቶ። ደም ዝውውር፦ አማካይ የደም ግፊት 66፣ ኖርአድሬናሊን በሰዓት 6 ሚሊ ሊትር። ኩላሊት፦ የሽንት መጠን በ24 ሰዓት 1060 ሚሊ ሊትር። ሆድ፦ ድሬኑ ከ350 ወደ 20 ሚሊ ሊትር ቀንሷል፣ መሻሻል አለ። ላይንና ቱቦዎች፦ ሴንትራል ላይን፣ ፎሌ፣ ኤንጂ፣ ድሬን አሉ።»

እዚህ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ከቻርቱ በትክክል የተገለበጠ ነው፤ ሆኖም ማጠቃለያውን የሰማ ሁሉ ሕመምተኛው እየተሻላቸው ነው ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። እያንዳንዱን መስመር ቀስ ብለን እንመርምረው።

ከመተንፈሻው ልጀምር። «ሴቲንጉ አልተለወጠም» የሚለው እኛ ማሽኑን ያዘዝነውን ብቻ ይናገራል፤ የሕመምተኛው ሳንባ ለትእዛዙ የሰጠውን መልስ አይናገርም። ሁለቱ ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው። የእኚህ አባት ቁመት ሲለካ 170 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ የሚጠበቀው ክብደታቸው 66 ኪሎ ግራም ነው። ለኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ የአንድ ትንፋሽ መጠን ወደ 400 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ፒፑ 8፣ ኦክስጅኑ 50 በመቶ፣ የታዘዘው ትንፋሽ በደቂቃ 22 ሲሆን፣ እሳቸው ከዚያ በላይ በራሳቸው አይተነፍሱም። ይህ ትእዛዙ ነው። መልሱ ደግሞ የፕላቶ ግፊቱ ነው፤ እሱም የሚለካው በእስትንፋስ ማስገቢያው መጨረሻ ላይ አየሩን ለቅጽበት አቁሞ ነው። ሕመምተኛው በራሱ የሚታገል ከሆነ ልኩ ስለማይታመን «በራሳቸው አይተነፍሱም» የሚለውም መጻፍ ይኖርበታል። ትናንት ማታ ፕላቶው 22 ሴንቲ ሜትር ውሃ ነበር፤ ሌሊቱን ወደ 29 ወጥቷል። ከፍተኛው ግፊትም ከ27 ወደ 34 አብሮ ወጥቷል። ከፍተኛው ብቻ ወጥቶ ፕላቶው ባለበት ቢቀር ኖሮ ቱቦው በአክታ መጥበቡን ወይም ብሮንካይ መኮማተሩን እንጠረጥር ነበር። ሁለቱ እኩል መውጣታቸው ግን ሳንባው ወይም ሳንባውን የከበበው አካል መጠንከሩን ያሳያል። 400ን ከፒፕ በላይ ላለው ግፊት ስናካፍል፣ ማታ ወደ 29 ይጠጋ የነበረው የመለጠጥ ዓቅም ጠዋት 19 ሆኗል። ከሴቲንጉ አንዲት ነገር ሳትለወጥ የሕመምተኛው ሁኔታ እጅግ ተለውጧል።

የኦክስጅን ሙሌቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚህ የጤነኛ ሰው ሙሌት እንኳ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ከሚለካው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሙሌቱን ብቻውን አትጻፉ፤ በስንት በመቶ ኦክስጅን እንደተገኘና የታለመለት ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ኖርአድሬናሊኑ ይበልጥ አሳሳች ነው። ማታ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር የነበረው ጠዋት 6 ሆኗል፤ ለሰሚው ኢምንት ጭማሪ ይመስላል። ነገር ግን የማታው ሲሪንጅ በ50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ሚሊ ግራም መድኃኒት ነበረው፤ ሌሊት የተቀየረው ደግሞ 8 ሚሊ ግራም ነው። ክብደታቸውን 66 ኪሎ ይዘን ስናሰላው፣ የማታው መጠን ለኪሎ በደቂቃ 0.1 ማይክሮ ግራም ሲሆን የጠዋቱ 0.24 ነው። የደም ግፊቱ 66 ላይ የቆመው መድኃኒቱ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ነው እንጂ ልባቸው ስለጸና አይደለም። ሚሊ ሊትር በሰዓት ለፓምፑ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ በማጠቃለያ ላይ ሊታይ የሚገባው ለኪሎ በደቂቃ ስንት ማይክሮ ግራም እንደሚገባ ነው።

ሽንቱስ? 1060 ሚሊ ሊትርን ለ24 ሰዓት ብታካፍሉት በሰዓት 44 ይመጣል፤ ይህ ለ66 ኪሎ ሰው ደህና ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በየሰዓቱ 50 ሲወጣ ቆይቶ፣ በመጨረሻዎቹ 4 ሰዓታት ወደ 15 ወርዷል። የቀኑ ድምር የሌሊቱን መውደቅ ሸፍኖታል። ስለዚህ ለፈሳሽ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ነው፤ የ24 ሰዓቱ ድምርና የመጨረሻዎቹ 4 ወይም 6 ሰዓታት በሰዓት መጠን። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከወጣው በላይ 5 ሊትር ተኩል መግባቱም እዚሁ ይጻፋል፤ በሆዳቸው ውስጥ ያለው አንጀት በዚህ ፈሳሽ ማበጡ አይቀርምና።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ እንምጣ። ሁሉንም በገጹ ግርጌ በአንድ መስመር ደርድሮ «አሉ» ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። እያንዳንዱ ቱቦ በሚያገለግለው አካል ሥር ቢጻፍ ይሻላል። የትንፋሽ ቱቦው ከከንፈር ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ በመተንፈሻ ሥር፣ ሴንትራል ላይኑ በደም ዝውውር፣ ፎሌው በኩላሊት፣ ኤንጂውና ድሬኑ በሆድ ሥር ይገባሉ። የት እንደገባ፣ መቼ እንደገባና በ24 ሰዓት ምን ያህል ምን ዓይነት ፈሳሽ እንዳወጣ ይጻፍ። «መቼ» በሚለው ላይ በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንገቱ ላይ ያለው ፕላስተር 8/5 ሲል ካርዱ 16/1 ሊል ይችላል፤ ጥር 8 ቀን 2017 በፈረንጅ ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 ስለሆነ ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። የማያውቀው ግን ላይኑን ከአራት ወር በፊት የገባ፣ ወይም ሁለተኛ ላይን ያለ ሊመስለው ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ብቻ ከተጻፈ ጠዋት ይሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ቀኑን ትቼ «ሦስተኛ ቀኑ» ብሎ መጻፍን እመርጣለሁ፤ ላይኑ ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ የሚያስጠይቀውም ይኸው ነው።

ወደ ድሬኑ ልመለስ። ከ350 ወደ 20 መውረዱ «መሻሻል» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ድሬን የሚደርቀው ግን የሚወጣ ፈሳሽ ሲያልቅ ወይም ቱቦው ሲዘጋ ነው፤ ቁጥሩ በሁለቱም አንድ ነው። የሚለዩት አካባቢውን በማየት ነው። ቱቦው ውስጥ የረጋ ደም አለ ወይ? በድሬኑ ዙሪያ ፋሻው ረጥቧል ወይ? ሆዱስ? የሌሊቷ ሲስተር በትረካ ማስታወሻዋ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ሆዳቸው ወጠር ብሏል፣ ፋሻው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል» ብላ ጽፋለች። በማሳጠሩ ጊዜ የወደቀው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቁጥር ስላልነበረው የሚገባበት ቦታ አላገኘም።

አሁን አምስቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፦ ሆድ ወጥሯል፣ ድሬኑ ደርቋል፣ ሽንት ወርዷል፣ ፕላቶ ወጥቷል፣ ኖርአድሬናሊን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁሉም የጀመሩት በዚያችው ሌሊት ነው። ይህ በሆድ ውስጥ ግፊት መጨመሩን ያስጠረጥራል፤ መለኪያውም በእጃችሁ አለ። መጀመሪያ ፎሌው እንዳልተዘጋ አረጋግጡ። ሕመምተኛውን በጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙ፤ ፊኛውን ባዶ አድርጋችሁ ከ25 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ንጹሕ ሳላይን በፎሌው አስገቡ። ከዚያም በቱቦው ውስጥ የቆመውን የውሃ ዓምድ ከዳሌ አጥንት ጫፍ፣ በብብቱ መሐል መስመር ላይ ካለው ዜሮ ጀምራችሁ በማስመሪያ ለኩ። ንባቡ የሚወሰደው በእስትንፋስ ማስወጫው መጨረሻ ነው። ሕመምተኛው የሚያስል ወይም ሆዱን የሚያጠነክር ከሆነ ልኩ በሐሰት ይጨምራል። የእኚህ አባት ዓምድ 30 ሴንቲ ሜትር ቆመ፤ ለ1.36 ሲካፈል 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሲደገምም ያው ሆነ። ከ20 በላይ ሆኖ የሚቆይ ግፊት ከአዲስ የአካል መድከም ጋር ሲገናኝ የሆድ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ይባላል፤ በዚህ ሁኔታ ፈሳሽ መጨመር ወይም ኖርአድሬናሊኑን ማሳደግ መፍትሔ አይሆንም። ቀዶ ሐኪሙ በአስቸኳይ ይጠራል።

ሆዱ ተከፍቶ የረጋ ደምና ፈሳሽ ከወጣ በኋላ ለጊዜው ሳይሰፋ ተሸፍኖ ተመለሱ። ፕላቶው 21፣ ሽንቱ በሰዓት 60፣ ኖርአድሬናሊኑ 0.12 ሆነ። የሚቀጥለው ተረኛ የሚረከበው ገጽ በዚህ ይጀምራል፦

«ዋናው ችግር፦ በሲግሞይድ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ቀን የሆድ ውስጥ ግፊት 22፣ ድሬን በረጋ ደም ተዘግቶ፤ ሆድ ተከፍቷል። መተንፈሻ፦ 400፣ 22፣ ፒፕ 8፣ ኦክስጅን 50 በመቶ፤ ፕላቶ ከ29 ወደ 21፤ በራሳቸው አይተነፍሱም። ደም ዝውውር፦ ኖርአድሬናሊን ከ0.24 ወደ 0.12፤ ሴንትራል ላይን በቀኝ አንገት፣ ሦስተኛ ቀኑ። ኩላሊት፦ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት 60። ሆድ፦ የፊኛ ግፊት 12፣ በየ4 ሰዓቱ ይለካ፤ አዲሱ ድሬን 180፣ ቀይ ቀጭን። የፊኛ ግፊት ከ20 ካለፈ፣ ፕላቶ ከ27 ካለፈ፣ ሽንት ለ2 ሰዓት ከ30 በታች ከሆነ ወይም ድሬኑ በድንገት ከደረቀ ቀዶ ሐኪሙ ይጠራ።»