መልስ፦ የቡሬው ዱቄት ፋብሪካ የሠራተኛ ቁጥር

«ቡሬ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አንዱ ሰነድ 24፣ ሌላው 61 ሠራተኛ አለው ይላል። አንዱ ‹አነስተኛ›፣ ሌላው ‹ትልቅና መካከለኛ› ይለዋል። የቱን ልመን?»

ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ፋብሪካው በየወሩ የጡረታ መዋጮ የሚከፍልባቸውን ሰዎች ዝርዝር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። 24ቱ ከዚያ የመጡ ከሆነ ቋሚዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቀሪዎቹ 37 በስንዴ መግቢያ ወቅት በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው ጫኝና አውራጆች መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ የጥርንና የሐምሌን የክፍያ መዝገብ ጎን ለጎን ማየት ይበቃል፤ በሐምሌ ቁጥሩ ወደ 24 ከወረደ ነገሩ ተፈታ።

ደረጃውን በተመለከተ ልዩነቱ ከመስፈርቱ ይመነጫል። የ2003 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ጠቅላላ ሀብት ያለውን «አነስተኛ» ሲል፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የፋብሪካ ጥናት ግን በኃይል በሚሠራ ማሽን የሚጠቀምና 10 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚያሠራውን ሁሉ «ትልቅና መካከለኛ» ውስጥ ይመድባል። በስትራቴጂው የሠራተኛ ቁጥርና ሀብት ሲጋጩ ሀብት ይቀድማል፤ የወፍጮ ማሽኖቹ ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ካወጡ «አነስተኛ» የሚለው ስያሜ በራሱ መስፈርት ይወድቃል።

በፋብሪካው የሊንክድኢን ገጽ «11-50» የሚል የሠራተኛ ቁጥር ካዩ ግን ለማስረጃነት አልቆጥረውም፤ ገጹን የከፈተው ሰው ራሱ የመረጠው ነውና። ስለዚህ መዝገቡ ይህን ካረጋገጠ በሪፖርትዎ «24 ቋሚ፣ በወቅቱ እስከ 61» ብለው ወሩንና የተጠቀሙበትን መስፈርት ይጻፉ።