«ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ምሳ እያበሰልኩ በአቅራቢያ ላሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ለ40 ሰው አቀርባለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሥጋ ወጥና ምስር ወጥ ልኬ ነበር። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከበሉት መካከል ከአንደኛው መሥሪያ ቤት ስምንት ሰዎች ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ተቅማጥም ያዛቸው። በማግስቱ ድነዋል። እኔ ንጽህናዬን እጠብቃለሁ፤ ምግቡንም ጠዋት አፍልቼ ነው የምልከው። አሁን አስተዳደሩ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለደረሰው ሁሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ ብሎኛል። ልፈርም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይፈርሙ። ጥፋትን በጽሑፍ ማመን ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርብብዎት ማስረጃ ነው፤ «ሁሉ» የሚለው ቃልም የካሳውን ልክ ክፍት ይተወዋል። ዝም ማለት ግን አይበጅዎትም። በምትኩ የሚከተለውን ጽፈው ይስጡ፤ ቅጂው ላይም የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስቀሩ፦ «ማክሰኞ ያቀረብኩትን ምሳ የበሉ ስምንት ሠራተኞች መታመማቸውን ሰምቼ አዝኛለሁ። ምክንያቱ እስኪጣራ አቅርቦቱን አቁሜያለሁ። ለማጣራቱ ሥራ የሚያስፈልገውን መረጃ እሰጣለሁ።» ከመላክዎ በፊት ጠበቃ ያሳዩት።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። «ጠዋት አፍልቼ» ብለዋል፤ መቼ እንዳበሰሉት ግን አልነገሩኝም። ጠዋት የሚፈላ ወጥ ማታ የተሠራ ወጥ ነው። ሌሊቱን የት አደረ? በስንት ሊትር ድስት? ተከድኖ ምድጃው ላይ ከሆነ ያደረው፣ እህቴ፣ ይህን ከጠበቃዎ መደበቅ የለብዎትም። ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

ሰዎቹ የታመሙበትን ሰዓት እንመልከት። ከበሉ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 14 ሰዓት ተኩል በኋላ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛቸው፤ በማግስቱም ለቀቃቸው። ይህ አካሄድ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ ብሎ ከሚቀዘቅዝ የሥጋ ወጥ ጋር በብዛት የሚያያዘውን ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለ ባክቴሪያ ይመስላል። ባክቴሪያው በመጀመሪያው ማብሰል አይጠፋም፤ ስፖር የሚባል ጠንካራ ልባስ ለብሶ መፍላቱን ያልፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ደግሞ ይህን ያህል ሙቀት ለስፖሩ ምንም አይደለም። ወጡ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ስፖሩ ነቅቶ ይራባል። 20 ሊትር ወፍራም ወጥ ከነክዳኑ ሲያድር መካከሉ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ መራቢያው እሱ ነው።

«ታዲያ ጠዋት አፍልቼዋለሁኮ» ይሉኝ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ወፍራም ወጥ ጠርዙና ታችኛው ክፍሉ ሲንተከተክ መካከሉ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። በደንብ ሳያማስሉ አረፋውን ብቻ አይተው ካወረዱት የነቃው ባክቴሪያ አልሞተም። እያማሰሉ መካከሉን 75 ዲግሪ ቢያደርሱት ይህኛው ይሞታል፤ ነገር ግን እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት፣ ከቆሰለ እጅ ወደ ምግብ የሚገቡት፣ የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ የሌሊቱን ስሕተት የጠዋቱ እሳት አያርመውም።

ሕጉም እዚሁ ላይ ይይዝዎታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ስለዚህ «ንጽህናዬን እጠብቃለሁ» ማለት ብቻውን አያድንም። ገዢው በተለመደ ምርመራ ሊያገኘው የሚችለው ጉድለት ከሆነ ግን ተጠያቂነት እንደሌለ አንቀጹ ይናገራል። ይህም እርስዎን አይረዳም፤ ይህ ባክቴሪያ ሽታም ጣዕምም አይለውጥምና በላተኛው በምን ያውቀዋል? ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጀምሮ በቁጥር 2143 መሠረት ሁለት ዓመት አለው። ነገሩ በረደ ብለው ወረቀትዎን አይጣሉ።

በሌላ በኩል፣ እኔ የምናገረው ስለ አካሄዱ መመሳሰል እንጂ ስለተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ አይረጋገጥም። አይፈርሙ ያልኩበትም ምክንያት ይኸው ነው። ለአስተዳደሩ በጽሑፍ የሚጠይቁት ነገር አለ፦ የታመሙት ምን በሉ፣ ሥጋውን ወይስ ምስሩን? ስንት ሰዓት ላይ ታመሙ? የሕክምና ወረቀት አላቸው? ያልታመሙትስ ምን በሉ? ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ከዚያው ድስት በልቶ ማንም ካልታመመ፣ ልዩነቱ በመንገድ ላይ በቆየበት ሰዓት ወይም እዚያው በቀረበ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስምንቱም ሥጋ የበሉ ሆነው ምስር ብቻ የበሉት ካልታመሙ ግን ጣቱ ወደ ሥጋው ድስት ይቀሰራል።

ሥራውን ሲቀጥሉ ሥጋውን ማታ አያብስሉት። ማታ ቁሌቱን ብቻ ያቁላሉ፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከጥዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥጋውን ቢጥዱ 5 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሆነ ሙቀት በሚጠብቅ ዕቃ አሽገው ይላኩት። ማታ ማብሰል ግድ ከሆነ ወጡን ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በትሪዎች ያሰራጩ፣ ትሪዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ያማስሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ ከዚያ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ አለበት። ማቀዝቀዣው በዕቃ ከተጨናነቀ ወይም መብራት ከጠፋ ይህ አይሆንም፤ ያን ምግብ አይላኩት። ሰሌዳና ቢላዋውን ለማጽዳት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን ዕቃዎቹ በሳሙና ይታጠቡ።

በምግብ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር ይግዙና በረዶ ባለበት ውሃ ይፈትሹት፤ 0 ማሳየት አለበት። በሚፈላ ውሃ ከፈተሹት 100 ሳይሆን 92 ወይም 93 ቢያሳይ እንዳይጥሉት፤ እዚህ አካባቢ ትክክሉ ያ ነው። በየቀኑ የበሰለበትን፣ የወጣበትንና የደረሰበትን ሰዓትና ሙቀት በደብተር ይመዝግቡ። ከእያንዳንዱ ወጥም 200 ግራም ያህል በንጹሕ ዕቃ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ለ72 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀሩ። ማክሰኞ ይህ ናሙና ቢኖር ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ላለፈው ቀን ግን ዛሬ መዝገብ ጽፈው እንዳያዘጋጁ አደራ፤ ከተደረሰበት የካሳውን ጉዳይ ወደ ወንጀል ያሳድገዋል።

ንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና የጤና ምርመራ ወረቀት እንዳለዎትም አልጻፉም። ያለ ፈቃድ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ በመኖሪያ ቤት ለዚህ ሥራ ፈቃድ ስለማግኘት ወረዳዎን ይጠይቁ። ቤቱ የተከራዩት ከሆነ ውሉ ለንግድ መጠቀምን መፍቀዱን ይዩ። በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ያለዎትን ውል ወይም የመልእክት ልውውጥ፣ የሥጋውን መግዣ ደረሰኝ፣ እንዲፈርሙት የተሰጠዎትን ወረቀትና ምግቡን ያደረሰውን ሰው ስም ይዘው ይሂዱ።