የታሪክ መጨረሻ የቱን ጥያቄ ይመልስ፣ የቱን ይተው?

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

እዚህ ባሕር ዳር የጀማሪዎችን አጭር ልብ ወለድ ሳነብ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ ጉድለት አለ፤ ጸሐፊው መጨረሻውን ክፍት ያደረገ እየመሰለው ታሪኩ ሲጠይቅ የቆየውን ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ያቆማል። ክፍት ሊቀር የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአንድ ታሪክ ላስረዳ። በጣና ዳር የሚኖር አንድ ታንኳ ሠሪ አለ እንበል። ልጁ የአባቱን መረብ ሳያስፈቅድ ሸጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ገንዘቡ ሲያልቅም ተመለሰ። አባትየው አላባረረውም፤ ነገር ግን አያናግረውም። የታሪኩ ጭብጥ ይቅርታ ስለሆነ አንባቢው «ይቅር ይለው ይሆን?» እያለ ይጠብቃል፤ ይህ ጥያቄ የግድ መመለስ አለበት። መልሱ ከንግግር ይልቅ በድርጊት ቢመጣ እመርጣለሁ። የደንገል ታንኳ ውሃ ስለሚመጥ ከተቀዘፈበት በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ ይኖርበታል፤ ውሃ ሲጠጣም ይከብዳል። ታንኳውን ታሪኩን ሙሉ ብቻውን ሲጎትት የቆየው አባት በመጨረሻው ገጽ ልጁን «በዚያ በኩል ያዝ» ካለው ይቅርታው ተፈጽሟል፤ ሌላ ቃል መጨመር ያዳክመዋል።

ክፍት የሚቀረው ልጁ ይኖራል ወይስ ተመልሶ ይሄዳል የሚለው ነው። ጥያቄው ክብደት እንዲኖረው ሁለቱም መልሶች አስቀድመው በታሪኩ ውስጥ መሠረት ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ልጁ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ በኪሱ ይዟል፤ ማንም ሳያዘው ደግሞ ደንገል አጭዶ ለማድረቅ አስጥቷል። ትኬቱ ብቻ ቢኖር መሄዱ፣ ደንገሉ ብቻ ቢኖር መቅረቱ የታወቀ ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ አንባቢው የሚመዝነው ነገር ስለሚያጣ ጸሐፊው መወሰን ያቃተው ይመስለዋል።

አሁን መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አንዴ ልጁ እንደሚሄድ፣ አንዴ እንደሚቀር አስባችሁ። በሁለቱም ንባብ ይቅርታው ከጸና ሥራው ተሳክቷል። ልጁ ሲሄድ ይቅርታው ከንቱ የሚሆን ከሆነ ግን አባትየው ይቅር ያለው ልጁ እንዲቀርለት ብሎ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጭብጡ ገና አልተዘጋም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይነካካሉ፤ ጉድለቱ ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። አባትየው የልጁን ልብስ ሲያነሣ ትኬቱን አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ልጁ ኪስ ቢመልሰው፣ በኋላ «ያዝ» የሚለው ልጁ ሊሄድ እንደሚችል እያወቀ ይሆናል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ማስተካከያ ይህን የመሰለውን ነው፤ ክፍቱን ጥያቄ ሳይነካ የተዘጋውን ያጠብቀዋልና።

ይህ አካሄድ ለሁሉም ታሪክ አይሆንም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲያፈላልግ የቆየ ታሪክ ገዳዩን ሳይገልጽ ሊያበቃ አይችልም፤ ክፍቱ ጥያቄ ከዚያ ውጭ ይፈለግለት። በመጨረሻው ገጽ ድንገት የሚገባ በሽታ ወይም የማይታወቅ ደብዳቤም ቢሆን ሥር የሌለው ጥያቄ ነው።

ጽሑፉን ለሁለት ሰዎች ስጡና ሲከራከሩ አድምጡ። ክርክራቸው ልጁ ስለ መሄዱ ከሆነ ተዉት። አባትየው ይቅር ስለ ማለቱ ከሆነ ግን ወደ ትኬቱ ትዕይንት ተመለሱ።