ካርድሽን ኤቲኤም ሲበላው

«ሰላም ናችሁ? አሁን የሌላ ባንክ ኤቲኤም ካርዴን ዋጠብኝ፣ ብሩንም አልሰጠኝም። እሁድ ስለሆነ ቅርንጫፉ ዝግ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ብጠብቅ ችግር አለው? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አሁንም ማሽኑ ጋ ከሆንሽ ለትንሽ ደቂቃ ከዚያ አትሂጂ። ፒንሽን ግን ደግመሽ አትንኪ። ለምን እንደምልሽ የራሴን ልንገርሽ።

አምና ቅዳሜ ማታ፣ 1 ሰዓት ገደማ፣ መገናኛ አካባቢ ነው። 3,000 ብር ጠይቄ ማሽኑ ብሩን ሲቆጥር ድምፁ ይሰማኛል። በዚያ መሀል መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ምንም እንዳልተፈጠረ «ካርድ ያስገቡ» ማለት ጀመረ። ካርዴም ብሬም የሉም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ወደ ቤት መሄድ ነበር። ጥበቃው ናቸው ያስቆሙኝ። «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይተፋዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ አፉ ውስጥ የቀረ ካርድ ካለ፣ አንዱ ወደ ውስጠኛው ሳጥን ይከተዋል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቢገፋው የሚያገኘው ከኋላሽ የተሰለፈው ሰው ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ሌላ ሰው እስኪያስተናግድ ድረስ ጠብቂ። እኔ አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ። የእኔ አልወጣም።

ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ የነበረ ልጅ ጠጋ ብሎ «ብሮ፣ ፒኑን እንደገና አስገባና ካንስል በል፣ ይመልስልሃል፣ እኔም ደርሶብኝ ያውቃል» አለኝ። ምናልባት ለደግነት ይሆናል። ግን ሌቦች የሚሉትም ልክ ይህንኑ ነው። ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ስስ ፕላስቲክ ወይም ክር ይሰኩና ካርድሽ እንዳይገባም እንዳይወጣም ያደርጉታል። ከዚያ «ልርዳሽ» ብሎ አንዱ አጠገብሽ ይቆምና ፒኑን ስትነኪ ያያል። ተስፋ ቆርጠሽ ስትሄጂ ካርዱን ከነፕላስቲኩ ስቦ ያወጣል።

ለይተሽ የምታውቂው እንዲህ ነው። ማሽኑ በራሱ ካርድ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ካርድሽ እንደተያዘና ባንክሽን እንድታነጋግሪ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ምክንያት ይኖረዋል፦ ፒን ደጋግሞ መሳሳት፣ ካርዱን በጊዜ አለማንሳት፣ ጊዜው ያለፈበት ካርድ፣ ወይም እንደኔ መብራት። ምንም ምክንያት ሳይኖር፣ ምንም ሳይጻፍ፣ ካርዱ ገብቶም እንዳልገባ ከሆነብሽ ማስገቢያውን በጣትሽ ዳብሺው። የሚነቃነቅ ነገር፣ ሙጫ ወይም የፕላስቲክ ጠርዝ ካገኘሽ ለጥበቃው አሳዪ፣ እዚያው ቆመሽ ደውዪ።

አዎ፣ ወደ ስልኩ ልምጣ። እስከ ነገ መጠበቁን አልመክርሽም። የባንክሽን የጥሪ ማዕከል አሁኑኑ ደውዪ፤ የማሽኑን ባለቤት ሳይሆን ካርዱን የሰጠሽን ባንክ። የንግድ ባንክ 951 ነው፣ የአዋሽ 8980። የሌላ ከሆነ ቁጥሩን ከባንኩ መተግበሪያ ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ውሰጂ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የባንክ ስም ለጥፈው የራሳቸውን ቁጥር የሚጽፉ ሞልተዋል። እዚህ ጥያቄሽን አይቶ ኢንቦክስ «ከባንኩ ነኝ» የሚልሽንም እንዳትመልሺ።

ባንኩ ላይ ባስመዘገብሽው ስልክ ብትደውዪ ነገሩ ይፈጥናል። እኔን ሙሉ ስም፣ የሂሳብ ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያንቀሳቀስኩትን ገንዘብ ጠየቁኝ። የሂሳብ ቁጥሬን በቃሌ አላውቀውም ነበር፣ ከሞባይል ባንኪንጉ ላይ አነበብኩላቸው። ፒን አልጠየቁኝም፣ አይጠይቁምም። የጠየቀሽ ካለ እሱ ባንክ አይደለም፣ ዝጊው።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ጠፋ ነው ወይስ ማሽን ያዘው?» ስትለኝ ጥያቄው ትርፍ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጠፋ ካልሽ ካርዱ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሊዘጋ ይችላል፣ ኋላ ቢገኝም አይሠራም። ማሽኑ መያዙን በዓይንሽ ካየሽ «ለጊዜው ይታገድልኝ» ማለት ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተቻለ ወይም ማስገቢያው ካላማረሽ ግን ሳትሳሺ አዘጊው። አዲስ ካርድ ማውጣት ይሻላል። ስትጨርሺ ሰዓቱንና ያነጋገረችሽን ልጅ ስም ስልክሽ ላይ ጻፊ። እኔ 1:25 ላይ ጨርሼ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኤስኤምኤስ ገባ፦ 3,000 ብር ከሂሳቤ ተቀንሷል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካርዱ መታገዱ ብሩን አይመልስም፣ ሁለቱ የተለያየ አቤቱታ ናቸው። አንቺም ኤስኤምኤስሽን አሁን እዪው። ከተቀነሰ መልሰሽ ደውዪና «ብር ሳይወጣ ተቀንሷል» ብለሽ አስመዝግቢ። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም አቤቱታው የሚቀርበው ለራስሽ ባንክ ነው። በባንኮቹ መሀል የሚያገናኘው ኢትስዊች ስለሆነ እነሱ እርስ በርስ ያጣሩታል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈ መለያ ቁጥር ካለ ፎቶ አንሺው፣ ደረሰኝ ከወጣም አትጣዪው። ሰዓቱና የብሩ መጠን ከነዚህ ጋር ከተያያዘ የማሽኑን መዝገብ ለማመሳከር አይቸገሩም። አንዳንዴ ብሩ በራሱ ይመለሳል። የእኔ በአምስተኛው ቀን ነው የገባው፣ ያውም ሁለቴ ከተመላለስኩ በኋላ።

ለዛሬ ማታ ብር ካስፈለገሽ አትጨነቂ። የታገደው ካርዱ እንጂ ሂሳቡ አይደለም። ሞባይል ባንኪንግሽ እንደ በፊቱ ይሠራል፣ የሚያስፈልግሽን ያህል ወደ ቴሌብር ላኪ። ገንዘብሽን በሙሉ ወደ ዘመድ ሂሳብ ማሸሽ አያስፈልግም። እኔ በድንጋጤ ለእህቴ ልልክ ስል አንድ አሃዝ ተሳስቼ ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ካርዱ ማሽን ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ የጠፋባችሁም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ፍለጋውን አስቀድማችሁ አትጀምሩ። ወንድሜ ታክሲ ውስጥ ጥሎት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራ አስከባሪ ሲያነጋግር ቆየ። ፒኑን ደግሞ ካርዱ ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ጽፎት ነበር! መጀመሪያ አዘጉ፣ ከዚያ ፈልጉ። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ ያለ ፒንም፣ ፊትና ጀርባው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ሊገዛበት ይችላል።

ሰኞ መታወቂያሽን ይዘሽ ወደ ራስሽ ባንክ ቅርንጫፍ ሂጂ። ጥበቃው ማሽኑን መክፈት አይችሉም፣ የሚከፍቱት የማሽኑ ባለቤት ባንክ ሠራተኞች ናቸው። የሌላ ባንክ ካርድ ሲያገኙ እጅሽ ላይ ላይሰጡሽ ይችላሉ። እኔ ሄጄ «ወደ ባንክህ እንልከዋለን» ተባልኩና አዲስ አስወጣሁ። ካርዱን ራሱን ከመለሱልሽ ግን ሳትቆዪ ፒኑን ቀይሪው፣ በተለይ ዛሬ ማታ አጠገብሽ ሰው ቆሞ ከነበረ።