ጭቅጭቅ መሀል ትንፋሽ ሲያጥር

«ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ከባለቤቴ ጋር ስንጋጭ ድምፁ ከፍ ማለት ሲጀምር ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አየር ያጥረኛል። የምናገረው ሁሉ ይጠፋብኛል። ከዚያ ወይ እጮሃለሁ ወይ እያለቀስኩ እወጣለሁ። እንደኔ የሚሆን ሰው አለ? በዚያ ሰዓት ምን ታደርጋላችሁ?»

እህቴ፣ አለሁ። እኔንም ለዓመታት እንዲሁ ሲያደርገኝ ኖሯል። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አንድ ነገር ማወቄ ነው፦ ብዙ ጊዜ እጅ የሚደነዝዘው አየር አንሶ ሳይሆን ከሚያስፈልገው በላይ ስለምንተነፍስ ነው።

ስንናደድ ወይም ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም አብሮ ይፈጥናል። ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል እየተዘጋጀ ነው። አንቺ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጠሻል፤ የምትሮጪበት ቦታ የለም። እንዲህ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል። እሱ ደም ውስጥ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ስሮች ይጠባሉ። ጭንቅላት ቅልል ይላል፣ ያዞራል፣ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ደረት ይጨነቃል። በዚህ ሁሉ መሀል «አየር አጠረኝ» የሚል ስሜት ይመጣል። ስለዚህ የበለጠ እንስባለን፣ ድንዛዜውም ይብሳል። ቃላት የሚጠፉብሽም እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ነው «አይዞሽ፣ በደንብ አየር ሳቢ» የሚባለው ምክር እኔን ሲያባብስብኝ የነበረው። የሚረዳው ማስወጣቱ ነው። መጀመሪያ ያለውን ትንፋሽ ቀስ ብለሽ አውጪው። ከዚያ አፍሽን ዘግተሽ በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፤ ደረትሽን አትሙዪው፣ ትንሽ ይበቃል። ትኩስ ሻይ እፍ እንደሚባለው ከንፈርሽን አጥብበሽ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። 12 ጊዜ ብታደርጊው 2 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰውየው እየተናገረ እያለም ይቻላል፤ ከጎንሽ ያለ ሰው እንኳ አያውቅብሽም።

በትክክል እየሠራሽው መሆኑን ከጣቶችሽ ታውቂያለሽ። ድንዛዜው መልቀቅ ይጀምራል። ማዞሩ ከጨመረ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር እየሳብሽ ነው ማለት ነው፣ አሳንሺው። ቁጥሩ ራሱ ካስጨነቀሽ ተዪው፤ መውጫው ከመግቢያው ይርዘም እንጂ ቁጥር ግድ አይደለም። ሰዎች ግን በላስቲክ ውስጥ ተንፍሺ ካሉሽ እሺ አትበዪ። ችግሩ የልብ ወይም የአስም ከሆነ አደገኛ ነው።

ከትንፋሹ ጋር እግሬን እጠቀማለሁ። ቆሜ ከሆነ እቀመጣለሁ። ተረከዜን ወለሉ ላይ ጫን አደርጋለሁ፤ የወለሉ ቅዝቃዜ፣ የምንጣፉ ሸካራነት እስኪሰማኝ ድረስ። ጥርሴን ነክሼ እንደሆነም አያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ነክሼ ነው የማገኘው። አገጭ ሲላላ ትከሻም አብሮ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ግን ልብ በጣም ከፈጠነ በኋላ ብቻውን አይበቃም። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲከራከሩ የልብ ምታቸውን እየለካ አጥንቷል። እሱ እንደሚለው ምቱ በደቂቃ ከ100 ገደማ ሲያልፍ ሰው የሚነገረውን በቅጡ መስማትና ማመዛዘን ያቅተዋል። ሰውነት እስኪረጋጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ ዕረፍት ያስፈልጋል። መለካት ከፈለግሽ አንገትሽ ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚመታውን ቁጠሪ። 25 ከሆነ 100 ደርሷል።

እኛ ጋ አስቸጋሪው ይሄ ዕረፍት ነው። ሰው እየተናገረ ተነስቶ መውጣት ንቀት ነው፤ ለባል ሲሆን ደግሞ «ጥላኝ ሄደች» ይሆናል። ስለዚህ ስምምነቱ በሰላም ጊዜ፣ ቡና እየተጠጣ ሳለ ማለቅ አለበት። ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፦ ሰውነቴ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደምመለስ፣ ስመለስ ስለምን እንደምንነጋገር። የመመለሻው ሰዓት ከሌለ ሌላው ሰው ተከትሎ እየጮኸ ይመጣል፣ እውነቱንም ነው፣ መመለስሽን በምን ያውቃል?

የኔን ልንገርሽ። የእናታችንን የመድኃኒት ወጪ በተመለከተ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጋጨን። «ገንዘቡ የት እንደሚገባ አይታወቅም» አለኝ። ከንፈሬ ሲደነዝዝ ይሰማኛል። እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አድርጌ ማስወጣት ጀመርኩ። «ምነው ዝም አልሽ? ናቅሽኝ?» አለ። «ጋሼ፣ አልናቅኩህም። ልቤ እየመታ ነው፣ የምትለው አይገባኝም። ግማሽ ሰዓት ስጠኝ። ደረሰኞቹን ይዤ መጥቼ አንድ በአንድ እናያለን» አልኩት። ቀደም ብዬ ነግሬው ስለነበር አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም።

ጓሮ ወጥቼ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ሲያርፍ የልብ ምት ቀስ ይላል (የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፊቱን በረዶ ውሃ ውስጥ አይንከር)። ከዚያ ልብስ አጣጠፍኩ። በዚያ ሰዓት ትልቁ ፈተና ጭንቅላት ውስጥ ክርክሩን መቀጠል ነው፤ «እንዲህ ብዬ ነበር መመለስ የነበረብኝ» ማለት ሲጀመር ልብ እንደገና ይፈጥናል። ለእህት ወይም ለጓደኛ ደውሎ ማማረርም ያው ነው። ቡናም አልጠጣም፣ ካፌይኑ ምቱን ያነሳሳዋል። እጅ የሚይዝ ቀላል ሥራ ይሻላል።

ስመለስ ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት የሱን ነገር ነው፦ «ሂሳቡን ሳትሰማ መቅረትህ ከብዶሃል።» ሁሉንም አልተቀበለኝም፤ ስለ አንድ ምርመራ አስፈላጊነት እስከ ዛሬም አንስማማም። ግን ወጪውን ደብተር ላይ አብረን መጻፍ የጀመርነው የዚያን ቀን ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገውም የኔ ድምፅ ዝቅ ካለ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልልሽ አላልፍም። ባለቤትሽ የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ ወይም በር ዘግቶ የሚከለክልሽ ከሆነ የጻፍኩልሽን እርሺው። ያኔ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ሰውነትሽ አላሳሳተሽም። ለመረጋጋት ሳይሆን በደህና ለመውጣት አስቢ፤ የምትሄጂበትን ቤትና የምትደውይለትን ሰው ከወዲሁ ለዪ።

ሐኪም ጋም አንድ ጊዜ ሂጂ። የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ልብን እንዲህ ያስመታሉ፣ በደም ምርመራ ይታያሉ። ስትሄጂ መቼ እንደሚጀምርሽ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይና ጸብ በሌለበትም ይመጣ እንደሆነ ንገሪው። እንዲህ ያለው ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። ደረትሽን ጨምድዶ ወደ ክንድሽ ወይም ወደ አገጭሽ የሚሄድ ሕመም ካለ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን ትንፋሽ እየቆጠርሽ አትቆዪ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ።