ጢም ብሎ የተሞላ ጀሪካን፦ ለመስፋፋት ስንት ይተው? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

«እስከ አፉ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ጀሪካን አለኝ። ቤንዚን ስሞላበት ግማሽ ሊትር ያህል ክፍተት እተዋለሁ። አይበቃም?»

አይበቃም። ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ይዘቱ አንድ በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በትክክል ለማስላት ለሚፈልግ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.00095 ነው። 19.5 ሊትር በ20 ዲግሪ ሞልተው ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ውሎ 50 ዲግሪ ቢደርስ ቤንዚኑ በ0.56 ሊትር ያድጋል። ብረቱም መስፋቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ለጀሪካኑ የሚጨምርለት ቦታ 0.02 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ገና 48 ዲግሪ አካባቢ ክፍተቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፈሳሹ ወይ ብረቱን ይገፋል ወይ በክዳኑ ጎማ በኩል መውጫ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «እንግዲያው 0.6 ሊትር ልተውና ልገላገል» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ክፍተቱ ባዶ አይደለም፣ በውስጡ የታሰረ አየር አለ። ፈሳሹ ሲያድግ ያ አየር እየጠበበ በሚሄድ ቦታ ይጨመቃል። ቀለል እንዲልልን ክፍተቱ አየር ብቻ ነው ብለን እናስላ። አንድ ሊትር ትተው 19 ሊትር ቢሞሉ፣ 50 ዲግሪ ላይ ከክፍተቱ የሚተርፈው ግማሽ ሊትር ብቻ ይሆናል፤ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከውጭው 2.3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ሁለት ሊትር ትተው 18 ሊትር ቢሞሉ ግን ግፊቱ ወደ 1.5 እጥፍ ነው። ቤንዚኑ የተስፋፋው በሁለቱም ጊዜ ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሲጀመር የነበረው አየር ነው። በእውነተኛው ጀሪካን የቤንዚኑ ተን የሚፈጥረው ግፊትም ይጨመርበታል።

በእኔ ፍርድ ፀሐይ ሊያገኘው ለሚችል የቤንዚን ጀሪካን አሥር በመቶ መተው ተገቢ ነው። መቶኛው የሚሰላው ግን ጀሪካኑ እስከ አፉ በሚይዘው ልክ ነው። በላዩ ላይ «20 ሊትር» የተባለ ዕቃ ብዙ ጊዜ እስከ አፉ ከዚያ ይበልጣል፤ ሠሪው ክፍተቱን አስቀድሞ አስቦለት ይሆናል። ለማወቅ ውሃ ጢም አድርገው ሞልተው ይመዝኑት፤ የባዶውን ክብደት ሲቀንሱ እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። ነዳጅ ከመጨመርዎ በፊት በደንብ ይድረቅ።

«የፕላስቲክ ጀሪካኔ ግማሽ እንኳን ሳይሞላ ፀሐይ ላይ እንደ ኳስ ይነፋል። ክፍተት መተው ምን ፈየደ?»

የእርስዎን ጀሪካን የነፋው የፈሳሹ መስፋፋት ሳይሆን ተን ነው። ቤንዚን በሙቀት በብዛት ይተናል፣ በላዩ ያለው አየርም ይሞቃል፤ ይህን ማንኛውም የክፍተት መጠን አያስቀረውም። መፍትሔው ጥላ ነው።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። ጀሪካኑን ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራሸር ከተሰማዎት ክፍተት አለ፤ የነፋው ተን ነው። ምንም ሳይንቀሳቀስ እንደ ድንጋይ ከከበደና የክዳኑ ዙሪያ ከረጠበ ግን ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ያም ሆነ ይህ ሞቆ ሳለ አይክፈቱት። ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ከእሳት ርቀው፣ ፊትዎን መልሰው፣ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ ያላሉት።

«ለውሃም፣ ለምግብ ዘይትም፣ ለአልኮልም አምስት አምስት በመቶ እተዋለሁ። ልክ ነኝ?»

ለመስፋፋቱ ብቻ ከሆነ አምስት በመቶ ለሦስቱም ይበቃል፤ ለአልኮል ግን ጠበብ ይላል። 30 ዲግሪ ቢሞቁ አልኮል 3.3 በመቶ፣ ዘይት ሁለት በመቶ ገደማ ያድጋሉ። ውሃ ግን ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ መስፋፋቱ ከሙቀቱ ጋር እየፈጠነ ይሄዳል። ከ20 ወደ 50 ዲግሪ አንድ በመቶ ብቻ ሲያድግ፣ ከ20 ወደ 80 ሲሄድ ግን 2.7 በመቶ ይደርሳል። በ80 ዲግሪ ሞልተው ወዲያው ቢከድኑት ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲቀዝቅዝ ያንኑ ያህል ይኮማተራል፣ ስስ ፕላስቲክ ከሆነም ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

በረዶ ቤት ለሚገባ ጠርሙስ አምስት በመቶ ፈጽሞ አይሆንም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ዘጠኝ በመቶ ያህል ያድጋል፤ ከአሥር በመቶ በላይ ይተዉለት። አንገቱ የጠበበ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ የውሃው ወለል ከአንገቱ በታች፣ ሰፊው ቦታ ላይ ይሁን።

«ባለ 200 ሊትር በርሜል ናፍጣ ስሞላ የማስበው የሠፈሩን የአየር ሙቀት ነው ወይስ የናፍጣውን?»

ሲሞላ የናፍጣውን፣ በኋላ ደግሞ በርሜሉ የሚደርስበትን ከፍተኛ ሙቀት። አየሩ ቢሞቅም ከምድር በታች ካለ ታንከር የሚቀዳ ነዳጅ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ በርሜል ደግሞ ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃል። አደገኛ ዕቃን ስለማጓጓዝ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ምክሮች ፈሳሽ የያዘ ማሸጊያ በ55 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ እንዳይሞላ ይጠይቃሉ። እኔም ይህን ቁጥር እንደ ጣራ እወስደዋለሁ።

ናፍጣ ለአንድ ዲግሪ 0.00083 ይሰፋል። በ10 ዲግሪ ከተሞላ 55 ለመድረስ 45 ዲግሪ ይቀረዋል፤ 200 ሊትሩ በ7.5 ሊትር ያድጋል። በ30 ዲግሪ ከተሞላ ግን ዕድገቱ ከ4.2 ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ የበለጠ ክፍተት የሚፈልገው ቀዝቃዛው ነዳጅ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የመስፋፋቱ ብቻ ናቸው፤ ከላይ እንዳየነው ለአየሩ መጨመቂያ የሚሆን ቦታ ይጨምሩበት።

«አየር ካስቸገረ ለምን ጨርሶ አናስወጣውም? በሁለት ቫልቮች መካከል የተዘጋ የነዳጅ ቱቦ አየር የለበትም።»

ያለ አየር የባሰ ነው። ፈሳሽ እንደ አየር በቀላሉ አይጨመቅም። በፍጹም በማይለጠጥ ብረት ውስጥ ያለ ክፍተት የታሰረ ውሃ፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ አራት ባር ገደማ ይጨምራል፤ ናፍጣና ቤንዚን ደግሞ አሥር ባር ገደማ። ትክክለኛው ቱቦ ትንሽ ስለሚለጠጥ ከዚህ ይቀንሳል፤ ቢሆንም አንድ የፀሐይ ቀትር ማያያዣውን ለማንጠብጠብ ይበቃዋል። ለዚህ ነው በሁለት ቫልቮች መካከል ሊዘጋ በሚችል ቱቦ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የሚገጠመው። ማታ ዘግተውት ደኅና የነበረ መስመር ከሰዓት በኋላ ማያያዣው ላይ ካላበ ሌላ ምክንያት ከመፈለግዎ በፊት ይህን ይጠርጥሩ።

«የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ለምን 80 በመቶ ብቻ ይሞላል?»

ፈሳሽ ፕሮፔን ከቤንዚን በብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ ነው። ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ 11 በመቶ ያህል ያድጋል። 80 በመቶ የተሞላው ወደ 89 በመቶ ይደርሳል፤ 90 በመቶ የተሞላ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሙቀት ክፍተት የሚባል ነገር አይኖረውም ነበር።